መቀስ አይንካው

ለልብስ ሰፊ ደብዳቤ ይጻፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰፊ ዘንድ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ቆሞ ይለካል፣ ትንሽ ይከራከራል፣ በመጨረሻም «በቃ እንዳሉ» ብሎ ይመለሳል። እኔ ግን ባለፈው ታኅሣሥ ሁለት ገጽ ተኩል ጻፍኩ፤ ያውም ሱቃቸው ከቤቴ አሥር ደቂቃ ለማያስኬድ ሰው። ምክንያቴ አንድ ነው። ጋሼ ፊት ለፊት ይረቱኛል።

ጋሼ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። በእግር የሚረገጠው አሮጌ ሲንጀራቸው ከበሩ አጠገብ ብርሃን ላይ ተቀምጧል፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደ ማተብ ውሎ ያድራል። የምፈልገውን አንድ በአንድ ሳስረዳ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እሺ» ይላሉ። የእሳቸው «እሺ» ታዲያ «ሰምቼሻለሁ» ማለት እንጂ «እንዳልሽው አደርጋለሁ» ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት እስክረዳ ሦስት ልብስ ከስሬያለሁ።

ሦስተኛው ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ያሰፋሁት ቀሚስ ነበር። ትንሽ ስለሰፋኝ ወስጄ «4 ሳንቲም ያጥብቡልኝ» አልኳቸው። (ሰፊና ደንበኛ ሲነጋገሩ ሳንቲም ማለት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ገንዘቡ በብር ነው።) እኔ 4 ያልኩት የቀሚሱ ዙሪያ በጠቅላላ በ4 እንዲቀንስ ነው። እሳቸው የሰሙት ስፌቱ 4 ወደ ውስጥ ይግባ የሚል ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ለምትሉ፦ ቀሚስ ከጎኑ ሲሰፋ ሁለት ጨርቅ ተደርቦ ነው፤ የፊቱና የኋላው። ስፌቱ 4 ወደ ውስጥ ሲገባ ከፊቱ 4፣ ከኋላው 4 ይበላል፤ በአንድ ጎን 8 ሄደ ማለት ነው። ጎን ደግሞ ሁለት ነው። 16 ሳንቲም! ሠርጉ ላይ ቁጭ ማለት አልቻልኩም፤ ሙሽሮቹን ሙሉ ቀን ቆሜ ሳጅብ ያየ ሁሉ «እንዴት ያለች ዘመድ ናት» ብሎ አመሰገነኝ።

መልሰው እንዲያሰፉት ስወስደው ደግሞ ሁለተኛው ጉድ ወጣ። የጠበበው ትርፍ ጨርቅ ውስጥ የለም። ጎኑ ኦቨርሎክ ተደርጓል። ኦቨርሎክ የሚባለው መኪና ጠርዙን በክር ከመጠቅለሉ ሌላ ቢላ አለው፤ የተረፈውን ጨርቅ እየቆረጠ ነው የሚሄደው። ለአዲስ ልብስ መልካም ነው፤ ጠርዙ አይተረተርም፣ ውስጡም ያምራል። ሊመለስ ለሚችል ማስተካከያ ግን መንገዱን ዘግቶ ቁልፉን እንደ መጣል ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ እናቴ የራሷን የሐበሻ ቀሚስ ለጥምቀት ስትሰጠኝ የተሰማኝን ፍርሃት አስቡት። «ስትሰጠኝ» አልኩ እንዴ? ተሳስቻለሁ። ካልጋዋ ሥር ካለው ሻንጣ አውጥታ፣ ከተጠቀለለበት አንሶላ ፈትታ፣ ጉልበቴ ላይ ካደረገችው በኋላ «አውሼሻለሁ እንጂ አልሰጠሁሽም» ነው ያለችው። እኔ ሳልወለድ በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ ሸማ ነው። ጥለቱ ደረቱ ላይ መስቀል ሠርቶ በመሐል ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ ዙሪያውን ይዞራል። እናቴ ከእኔ ትረዝማለች፣ ከእኔ ትሰፋለችም። ቀሚሱ በልኬ ይሁን፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ በልኳ ይመለስ፤ ትእዛዟ ይኸው ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። እኔን ያስፈራኝ ጋሼ ተረቱን እንደ መመሪያ እንዳይወስዱት ነው።

ስለዚህ ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩትን ታናሽ ወንድሜ አንብቦ «ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ ክስ?» አለኝ። አለሳልሼ እንደገና ጀመርኩ።

«ለተከበሩ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚደርስዎት የእናቴ ቀሚስ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። መቀስ አይንካው። ኦቨርሎክም አያድርጉት። ትርፉ ሁሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጥ። ስፌቱንም ረዘም አድርገው ይስፉልኝ፤ ከአንድ መርፌ እስከ አንድ መርፌ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ኋላ ስንፈታው ጨርቁ አይጎዳም።»

ይህን የጻፍኩት ስፌት መተርተር ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ልቅም ያለና የደቀቀ ስፌት ሲፈታ ምላጩ ክሩን ስቶ ጨርቁን ይይዛል። ሸማ ደግሞ ሳሳ ያለ ነው፤ አንድ ማግ ከተቆረጠ ቀዳዳው በሚቀጥለው እጥበት ያድጋል።

ቀጥዬ ወደ ልኩ ገባሁ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የቀሚስ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነውና።

«ጋሼ፣ የቀሚሱ ደረት ዙሪያው 108 ነው። የእኔ ደረት 92 ነው። ግን 92 አድርገው እንዳይሰፉት፤ ሰው ይተነፍሳል፣ እጁን ያነሣል፣ እልልም ይላል። 6 ለመተንፈሻ ጨምረን 98 ይሁን። ከ108 ላይ 98 ሲቀነስ 10 ነው። 10 ለሁለት ጎን ሲካፈል 5 ነው። 5ቱ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ጨርቅ ስለሚወጣ ስፌቱ ከድሮው ስፌት ወደ ውስጥ የሚገባው 2 ተኩል ነው። መኪናው ላይ ሲቀመጡ የሚያስፈልግዎት ቁጥር 2 ተኩል ብቻ ነው፤ ሌላውን ይርሱት።

ወገቡ አሁን 96 ነው። የእኔ 76 ነው፤ 4 ለመተንፈሻ ጨምረን 80 ይሁን። የሚቀንሰው 16 ነው። በየጎኑ 8፣ ስፌቱ ላይ 4። አዎ ጋሼ፣ አልተሳሳትኩም፤ 4። ባለፈው ዓመት በስህተት የሠሩትን ዘንድሮ በትክክል ይድገሙልኝ።»

ወንድሜ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰርዣት ብሎ ለመነኝ። አልሰረዝኩም። ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ይርታ እንጂ።

ከዚያ የመስቀሉን ነገር ጻፍኩ። ጥለቱ ደረት መሐል ስለሚወርድ ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልጠበቡ መሐሉ መሐል አይሆንም። አንዱ ጎን 2 ሌላው 3 ቢገባ በድምሩ ልክ ነው፤ ሜትር ብታዞሩበትም 98 ይላችኋል። ለብሳችሁት መስተዋት ፊት ስትቆሙ ግን መስቀሉ ወደ ብብት መንገድ ጀምሯል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ ከጥለቱ ጠርዝ እስከ ግራው ስፌት፣ ከጥለቱ ጠርዝ እስከ ቀኙ ስፌት ለክቶ ሁለቱን ማስተያየት። ዙሪያውን ብቻ የሚለካ ሰፊ ይህን አያይም። ምልክት ሲያደርጉም በእስክሪብቶ እንዳይሆን ለመንኳቸው። ነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ ሳሙና ስለማይታይ የጋሼ እጅ ወደ እስክሪብቶው እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እናም ቀይ ክር ላክሁላቸው፤ በእጅ ራቅ ራቅ አድርገው ቢያሳልፉት ይታያል፣ ሲጨርሱ ይመዘዛል።

ወደ ቁመቱ ስመጣ ግን እኔና እናቴ ተጣላን። ቀሚሱ ከትከሻ እስከ ታች 144 ነው፤ ለእኔ የሚሆነኝ 137 ነው። ይህን ያገኘሁት የበዓል ጫማዬን አድርጌ ነው። ባዶ እግሩን የተለካ ሰው በዓሉ ቀን 5 ሳንቲም ተረከዝ ሲጫማ ቀሚሱ ሽቅብ ይሸሻል። እንግዲህ 7 ሳንቲም ማሳጠር ነው። ሌላ ቀሚስ ቢሆን ከታች አጥፎ መቀምቀም ነበር። የሐበሻ ቀሚስ ግን ከታች ጥለት አለው፤ ከታች ያጠፍከው እንደሆነ የምታጥፈው ጌጡን ነው። ውበቱን ውስጥ ደብቀህ ሜዳውን ለሕዝብ ታሳያለህ።

እናቴ «ከጥለቱ በላይ አንዲት እጥፋት ታጥፎ ይሰፋ፤ እኛ እንደዚያ ነበር የምናደርገው» አለች። ደንበኛ ዘዴ ነው፤ ለመመለስም ይቀላል። ግን ሸማው ስስ ነው፤ ጥላ ውስጥ አይታወቅም፣ ፀሐይ ላይ ሲወጡ እጥፋቱ እንደ መቀነት ጠቁሮ ዙሪያውን ይታያል። ጥምቀት ደግሞ ጥላ ውስጥ አይከበርም፤ ጃንሜዳ ነው የምንውለው። ስለዚህ ማሳጠሩ ከወገቡ ይሁን አልኩ።

«ጋሼ፣ ላይኛውና ጉርዱ የሚገናኙበትን የወገብ ስፌት ይፍቱት። የእናቴ ወገብ ከትከሻዋ 43 ላይ ነው፤ የእኔ 40 ላይ። ስለዚህ ከላይኛው ክፍል 3፣ ከጉርዱ አናት 4 ወደ ውስጥ ይግባ፤ አንድ ላይ 7 ይሆናል። ሁሉንም ከጉርዱ ቢወስዱት ወገቡ ዳሌዬ ላይ ይወድቃል። የጉርዱን ጎን አያጥብቡት፤ ሽንሽኑን ጠበቅ አድርገው 80 ላይ ያድርሱት። ከወገቡ ላይ ከጥለቱ አንድ ጌጥ ወደ ውስጥ ይዋጣል፤ አውቄ ነው፣ አይዘኑ።»

ይህ ዘዴ ዋጋ አለው፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። መቀስ ስላልገባ ወገብ ውስጥ 7 ሳንቲም ጨርቅ ከነሽንሽኑ ታጥፎ ይቀመጣል። በካውያ በደንብ ካልተጫነና በእጅ መርፌ ካልተያዘ የለበሰችው ሰው ዳቦ የታጠቀች ትመስላለች። እኔ ዳቦውን መረጥኩ፤ እናቴን ፈርቼ።

ሁሉን ጽፌ ስጨርስ ሌሊት ላይ አንድ ነገር አባነነኝ። ወገቡ 96 ሲሆን ቀሚሱ በጭንቅላት ይገባል፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ነው የለበሰችው። 80 ሲሆንስ? ትከሻዬና ደረቴ በምን ያልፋሉ? ወገቤን የሚያክል ቀሚስ ሰፍቼ መግቢያ የሌለው ቤት ልሠራ ነበር። ጧት ለእናቴ ስነግራት «መቀነት ለምን ተፈጠረ?» አለችኝ፤ ሳይጠብ ጠቅልዬ በመቀነት እንዳስረው ማለቷ ነው። እውነቷን ነው። መቀነት እኮ የቀሚሱን ስፋት የሚያስተካክል የድሮ ሰው ብልሃት ነው፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ያለ ሰፊ ይመጥናል። ግን እኔ አንዴ 2 ገጽ ጽፌያለሁ። ዚፕ ጨመርኩ።

«በግራ ጎን፣ ከብብቴ 4 ሳንቲም ዝቅ ብሎ የሚጀምር 30 ሳንቲም ነጭ ዚፕ ይግባ፤ 16ቱ ከወገቡ በላይ፣ 14ቱ ከወገቡ በታች ይሆናል። ጎኑ እንደሆነ ይፈታል፤ በተፈታው ስፌት ውስጥ ስለሚገባ ምንም የሚቆረጥ የለም። ነጩን ክርና ነጩን ዚፕ ሲገዙ ቀሚሱን ይዘው ደጅ ወጥተው ያመሳስሉ፤ ቀሚሱ ካረጀ ወዲህ ነጩ ወደ ወተት ሄዷል፣ የሱቁ ነጭ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ነው።»

ስለ እጅጌው አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ። እስከ ጣቴ ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ ግን ጥለት ስላለው አይነካም፤ እሸከመዋለሁ።

የቀረው ቀነ ቀጠሮው ነው። ልብስ ሰፊና ቀን የተጣሉ ናቸው። እውነተኛው ቀን ከተራ፣ ጥር 10 ነው፤ ያን ቀን ታቦታቱ ሲወርዱ ለብሼው መውጣት አለብኝ። ለሰፊ ግን እውነተኛ ቀን አይነገርም። በመሐል ገና አለ፤ ታኅሣሥ 29 እስኪያልፍ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ልብስ እዚያ ሱቅ ተከምሯል። ደብዳቤው የተጻፈው ታኅሣሥ 20 ነው። እንዲህ አልኩ፦

«ጥር 2 ቀን ጎኑና ወገቡ በቀዩ ክር ብቻ ተይዞ ለሙከራ እመጣለሁ። ለብሼው እቆማለሁ፤ እርስዎ ከመሬት እስከ ጥለቱ ጫፍ ዙሪያውን በማስመሪያ ይለኩ፤ የትም ቦታ 4 ሳንቲም መሆን አለበት። ከኋላ ዝቅ ካለ ማስተካከያው ወገቡ ላይ ነው፤ ታች አይነካም። ከዚያ በመኪና ሰፍተው ጥር 6 ቀን እረከባለሁ። ጥር 7 የለም፤ ከከተማ እወጣለሁ።»

ከከተማ አልወጣም ነበር። እናቴ ግን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሱቃቸው ደጃፍ ቆማ «ለከተራ እንዲደርስልን አደራ» ብላቸው ኖሯል። የአራት ቀን ስልቴ በሰላምታ መሐል ፈረሰ። (ቀሚሱን የተረከብኩት ጥር 8 ማታ ነው። ከልምዴ አንጻር ይህ ቀድሞ መድረስ ይባላል።)

አንድ ነገር ደግሞ በመጨረሻ ጨመርኩ፤ ከዚያ በፊት ያልነገርኳቸውን። የጋሼ ሜትር ጫፉ ተበልቷል። ቆርቆሮዋ ወልቃ፣ 1 የሚለው ጠፍቶ፣ ከ2 ነው የሚጀምረው። ለዓመታት አይቼ ዝም ብያለሁ፤ የሰው ጉድለት አይጠቆምም። ግን በዚያ ሜትር ከጫፉ ጀምሮ የተለካ ሁሉ በ2 ይበልጣል፤ 38 የሆነው 40 ይባላል። የእኔ ሦስት ልብስ የጠፋው በዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ደምድሜያለሁ። ስለዚህ በትሕትና፦ «ልኩን ሁሉ በራሴ አዲስ ሜትር ስለወሰድኩት እርስዎ እንደገና በመለካት አይድከሙ» ብዬ ጻፍኩ። ለጥንቃቄም ደረቴን፣ ወገቤንና ቁመቴን በሲባጎ ለክቼ፣ ጫፍ ጫፉን ቋጥሬ፣ ከደብዳቤው ጋር ቀሚሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። ቁጥር ቢያከራክር ሲባጎ አያከራክርም።

ወንድሜ አድርሶ ተመለሰ። «አነበቡት?» አልኩት። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከመኪናው ተነሥተው፣ ደጅ ብርሃን ላይ ወጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት አለኝ። ሳቁም አልሳቁም? አንዴ ብቻ፤ «ባለፈው ዓመት» የሚለው ጋ ሲደርሱ። ከዚያ ደብዳቤውን ገልብጠው ጀርባው ላይ ጻፉና መልሰው ሰጡት።

«ልጄ፣ በጻፍሽው ልክ ይሠራል። ሂሳቡም ልክ ነው። ትከሻሽን ግን ረስተሻል። ነገ ነይ።»

«ነገ ነይ» የሚለውን ቃል ከእሳቸው አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔና እግሬ ነን የምናውቀው። ያን ዕለት ግን ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሁለት ገጽ ተኩል ውስጥ ደረት አለ፣ ወገብ አለ፣ ተረከዝ አለ፣ ዚፕ አለ። ትከሻ የለም።

በማግሥቱ ሄድኩ። ቀሚሱን አለበሱኝና ምንም ሳይናገሩ የትከሻውን ስፌት በጣታቸው ነኩት። ትከሻዬ ላይ አይደለም ያለው፤ ክንዴ ላይ ወርዷል። «ቀሚስ የሚንጠለጠለው ከዚህ ነው» አሉ። ትከሻው ወርዶ ከቀረ ብብቱም አብሮ ይወርዳል፤ 2 ተኩል ብዬ የጻፍኩት ደረቴ ላይ ሳይሆን ከደረቴ በታች ይውላል፤ 40 ያልኩት ወገብም 40 ላይ አይገኝም። እጅጌው ጣቴ የሚደርሰውም ስለረዘመ ብቻ አይደለም፤ ከታች ስለጀመረ ነው። የቀሚሱ ትከሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ 42 ነበር። በግራና በቀኝ ትከሻው ላይ አንድ አንድ ትንሽ እጥፋት በመርፌ ያዙና እያንዳንዷ 2 እንድትውጥ አደረጉ። መቀስ አልነካም። እጅጌው ወደ አንጓዬ ተመለሰ፤ መስቀሉም ከፍ ብሎ ደረቴ ላይ ቆመ።

«ዙሪ» አሉኝ። ዞርኩ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውጥተው ከጫፉ ይዘው ከትከሻ እስከ ትከሻዬ ዘረጉት። አንገቴን ጠምዝዤ አየሁ። ሜትሩ 40 ይላል። ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን እርሳስ አውርደው ደብተራቸው ላይ 38 ብለው ጻፉ።